የመጀመሪያው 50 የት ነው? የማያልቀው ፍለጋ ምስጢር

ስምንት ተማሪዎች ተፈትነው ውጤታቸው ከትንሹ ወደ ትልቁ ተደርድሯል እንበል፦ 38፣ 45፣ 50፣ 50፣ 50፣ 61፣ 72፣ 88። ማለፊያው 50 ነው። ኮምፒውተሩን የምንጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የመጀመሪያው 50 ያለው የትኛው ቦታ ላይ ነው? ያ ቦታ ከታወቀ ከእሱ ጀምሮ ያሉት በሙሉ አልፈዋል፣ ከእሱ በፊት ያሉት ወድቀዋል። ፕሮግራመሮች ቦታን ከዜሮ ጀምረው ስለሚቆጥሩ 38 ቦታ 0 ላይ፣ 45 ቦታ 1 ላይ ይውላል። ስለዚህ መልሱ 2 ነው፤ ስድስት ተማሪዎች አልፈዋል።

ለስምንት ቁጥር ዓይን ይበቃል። ዝርዝሩ አንድ ሚሊዮን ሲደርስ ግን ከዳር እየቆጠሩ መሄድ ጊዜ ይበላል። ለዚህ የተፈጠረው ዘዴ ባይነሪ ሰርች ይባላል። በተደረደረ ዝርዝር ውስጥ መሃሉን ያያል፣ መልሱ በየትኛው ወገን እንዳለ ይለያል፣ ሌላውን ግማሽ እንዳለ ይጥላል፣ በቀረው ላይ ደግሞ ያንኑ ይደግማል። አንድ ሚሊዮን ቁጥር በዚህ መንገድ ቢበዛ በ20 ዙር ያልቃል። አሥር መስመር የማይሞላ ኮድ ነው። ሆኖም ከእነዚህ መስመሮች አንዷ ላይ አንድ ቁጥር ከተዛነፈ፣ በ20 ዙር ማለቅ የነበረበት ፍለጋ ኮምፒውተሩ እስኪጠፋ ድረስ አያልቅም። የስህተት መልእክት አይወጣም፣ ፕሮግራሙም አይዘጋም። ዝም ብሎ ይሽከረከራል።

ይህ ችግር በተለይ “የመጀመሪያውን” ስንፈልግ ለምን እንደሚመጣ ለመረዳት መዝገበ ቃላት የምንገልጥበትን መንገድ ማስታወስ ይጠቅማል። አንድ የተወሰነ ቃል የሚፈልግ ሰው ገልጦ ቃሉን ካገኘው ሥራው አለቀ። “በመ የሚጀምሩ ቃላት ከየትኛው ገጽ ይነሳሉ?” የተባለ ሰው ግን ገልጦ “መ” ላይ ቢያርፍም ገና አልጨረሰም። ያረፈበት ገጽ የመጀመሪያው ሊሆን ይችላል፤ ከእሱ በፊት ሌላ የ“መ” ገጽ ሊኖርም ይችላል። ስለዚህ ያን ገጽ “መልስ ሊሆን ይችላል” ብሎ በጣቱ ይዞ ወደ ግራ መፈለጉን መቀጠል አለበት።

ያ “በጣት ይዞ መቀጠል” ነው የችግሩ ሥር። ተራው ባይነሪ ሰርች መሃሉን ካየ በኋላ ሁልጊዜ መሃሉን ራሱን ይጥላል፤ ወይ የምንፈልገው እሱ ነውና ፍለጋው እዚያው ይቆማል፣ ወይ አይደለምና ከሁለቱም ወገን ይወጣል። በየዙሩ ቢያንስ አንድ ቦታ መቀነሱ በራሱ የተረጋገጠ ነው። የመጀመሪያውን ስንፈልግ ግን መሃሉ 50 ሆኖ ሲገኝ ልንጥለው አንችልም፤ መልሱ እሱ ራሱ ሊሆን ይችላልና። መሃሉን ይዘን በቀጠልን ጊዜ ደግሞ የቀረው ክፍል በእርግጥ እየጠበበ ስለመሆኑ ዋስትናው ይጠፋል። ዋስትናውን መልሶ ማምጣት የኮዱ ጸሐፊ ሥራ ይሆናል።

ትክክለኛው አጻጻፍ በፓይተን ይህን ይመስላል፦

```python
def first(a, x):
    lo, hi = 0, len(a)
    while lo < hi:
        mid = (lo + hi) // 2
        if a[mid] < x:
            lo = mid + 1
        else:
            hi = mid
    return lo
```

`lo` የግራ ወሰን ነው፣ `hi` የቀኝ ወሰን፣ `mid` ደግሞ መሃሉ። መልሱ ሁልጊዜ በ`lo` እና በ`hi` መካከል ነው፤ ሁለቱ ሲገናኙ የተገናኙበት ቦታ መልሱ ይሆናል። `hi` ሲጀምር ከመጨረሻው ተማሪ አንድ ቦታ አልፎ 8 ላይ የሚቆመው ሁሉም ተማሪ ወድቆ ሊሆን ስለሚችል ነው፤ ያኔ መልሱ 8 ይሆናል፣ “ከዝርዝሩ ውጭ” ማለት ነው። የ`//` ምልክት አካፍሎ ክፍልፋዩን ወደ ታች ይቆርጣል፤ ሰባት ለሁለት ሲካፈል 3 ይሰጣል። ይህች የመቁረጥ ጉዳይ ኋላ ዋና ነገር ትሆናለች።

በውጤቶቹ ላይ እናስኪደው። `lo` 0፣ `hi` 8 ነው፤ መሃሉ 4። እዚያ ያለው 50 ነው፣ ከ50 አያንስም፤ ስለዚህ ይዘነው `hi` 4 ይሆናል። ቀጥሎ መሃሉ 2 ነው፤ እዚያም 50 አለ፣ `hi` 2 ይሆናል። ቀጥሎ መሃሉ 1 ነው፤ እዚያ 45 አለ፣ ከ50 ያንሳል። 45 በምንም መንገድ መልስ ሊሆን ስለማይችል እሱን አልፈን `lo` 2 ይሆናል። ሁለቱ ወሰኖች 2 ላይ ተገናኙ። በሦስት ዙር አለቀ።

አሁን አንዲት ነገር ብቻ እናዛባ። `lo = mid + 1` የሚለውን `lo = mid` እናድርገው። ብዙ ሰው ይህን የሚጽፈው በቅን ልቦና ነው፤ `hi = mid` ካልን `lo = mid` ቢሆን ይመሳሰላል፣ ለዓይንም ያምራል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዙሮች እንደ በፊቱ ናቸው፤ `hi` ወደ 4፣ ከዚያ ወደ 2 ይወርዳል። በሦስተኛው ዙር መሃሉ 1 ነው፣ እዚያ 45 አለ፣ ያንሳል፤ `lo` 1 ይሆናል። አሁን `lo` 1፣ `hi` 2 ነው። መሃላቸው? 1 እና 2 ሲደመሩ 3፣ ለሁለት ሲካፈል አንድ ተኩል፣ ወደ ታች ሲቆረጥ 1። እዚያ 45 አለ፣ ያንሳል፤ `lo` 1 ይሆናል። ግን አስቀድሞም 1 ነበር። ቀጣዩ ዙር በእነዚያው ቁጥሮች ይጀምራል፣ በእነዚያው ቁጥሮች ያበቃል። የሚለወጥ ነገር ስለሌለ ከዚህ በኋላ ያለው ዙር ሁሉ አንድ ነው።

ምክንያቱ አቆራረጡ ነው። ሁለቱ ወሰኖች አጠገብ ለአጠገብ ሲሆኑ በመካከላቸው ሌላ ቦታ የለም፤ ወደ ታች የሚቆርጠው ስሌት ደግሞ መሃሉን ሁልጊዜ ግራው ወሰን ላይ ያሳርፈዋል። ያኔ “ግራውን ወሰን ወደ መሃሉ አምጣ” ማለት “ባለበት ይቁም” ማለት ነው። በአንጻሩ `hi = mid` አደጋ የለውም። ወሰኖቹ እስካልተገናኙ ድረስ ወደ ታች የተቆረጠ መሃል ሁልጊዜ ከ`hi` ያንሳል፤ ስለዚህ `hi` ወደ መሃሉ ሲመጣ በእርግጥ ይንቀሳቀሳል። ሁለቱ መስመሮች እንዲመሳሰሉ የሚመኝ ዓይን የማያየው ይህን ነው፤ ስሌቱ ራሱ ወደ ግራ ያደላል፣ ስለዚህ መስመሮቹም መለያየት አለባቸው።

ሁለተኛው የተለመደ ስህተት ወሰኖቹን አይነካም፤ የሚያዛባው መቼ እንደሚቆም ነው። ጸሐፊው ተራውን ባይነሪ ሰርች ከልምድ ያስታውስና `hi`ን ከመጨረሻው ተማሪ ቦታ ከ7 ያስጀምራል፣ ሉፑንም `while lo <= hi` ብሎ ይከፍታል፤ `hi = mid` ግን እንዳለ ይቀራል። እናስኪደው። በ0 እና 7 መካከል መሃሉ 3 ነው፣ 50 ነው፤ `hi` 3 ይሆናል። መሃሉ 1፣ 45 ነው፤ `lo` 2 ይሆናል። መሃሉ 2፣ 50 ነው፤ `hi` 2 ይሆናል። ሁለቱም 2 ላይ ናቸው፣ ትክክለኛው መልስም 2 ነው። ፍለጋው አልቋል ልንል እንችላለን፤ ሁኔታው ግን “`lo` ከ`hi` እስካልበለጠ ቀጥል” ይላልና ይቀጥላል። መሃሉ 2 ነው፣ እዚያ 50 አለ፤ `hi` 2 ይሆናል። መልሱን ይዞ እዚያው ሲሽከረከር ይኖራል።

እነዚህ ሁለት ስህተቶች ለምን ሳይታዩ እንደሚያልፉ ማወቅ ከስህተቶቹ እኩል ይጠቅማል፤ ሁለቱም ሁልጊዜ አይሽከረከሩምና። በመጀመሪያው ስህተት 38ን ብንፈልግ መሃሉ ሁሉ ከ38 አያንስም፤ `hi` ብቻ እየወረደ 4፣ 2፣ 1፣ በመጨረሻም 0 ይሆናል፣ ፍለጋውም በሰላም ያልቃል። ይህ የተሳሳተ ኮድ የሚጨርሰው መልሱ 0 ሲሆን ብቻ ነው። በሁለተኛው ስህተት ደግሞ 95ን ብንፈልግ ሁሉም ቁጥር ያንሳል፤ `lo` ብቻ እየወጣ 8 ይደርሳል፣ 7 ላይ ካለው `hi` ይበልጣል፣ ሉፑም ይቆማል። ዝርዝሩ ባዶ ካልሆነ በቀር የሚጨርሰው ሁሉም ቁጥር ከሚፈለገው ሲያንስ ብቻ ነው። አንዱ ስህተት የሚደበቅበት ሙከራ ሌላውን ያጋልጠዋል። ኮዱን በአንድ ምሳሌ ሞክሮ “ይሠራል” ያለ ሰው የትኛውን ምሳሌ እንደመረጠ መጠየቅ አለበት።

ፕሮግራሙ መሽከርከሩን ያየ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚወስደው መድኃኒት አለ። ወሰኑ አይንቀሳቀስም አይደል? እንግዲያው `hi = mid` የሚለውን `hi = mid - 1` ያደርገዋል። ይህን የመጀመሪያው ትክክለኛ ኮድ ላይ ብናደርግ ፍለጋው በእርግጥ ይቆማል። 50ን ብንፈልግም ትክክለኛውን 2 ይመልሳል፤ ይህ ግን አጋጣሚ ነው። 45ን እንፈልግ። መሃሉ 4፣ 50 ነው፤ `hi` 3 ይሆናል። መሃሉ 1፣ እዚያ 45 አለ፤ የምንፈልገው እሱ ነው፣ እኛ ግን `hi`ን 0 አድርገን ጣልነው። ወሰኖቹ 0 ላይ ተገናኙ፣ መልሱም 0 ሆኖ ይመለሳል፤ 38 ያለበት ቦታ። ማለፊያው 45 ቢሆን ኖሮ የወደቀ ተማሪ ያለፈ ይሆን ነበር። ከሁለቱ የቱ ይከፋል ብባል፣ ሁለተኛው ይከፋል እላለሁ። የማይቆም ፕሮግራም ቢያንስ ሰው ይጠራል፤ የተሳሳተ ቁጥር በእርጋታ የሚመልስ ፕሮግራም ግን ለወራት ሊታመን ይችላል።

መሃሉን እየጣሉ መሄድ የሚፈልግ ሰው ትክክለኛ መንገድ የለውም ማለት አይደለም። መሃሉ 50 ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን ቦታውን በሌላ ስም መዝግቦ ይዞ `hi = mid - 1` ማለት ይችላል፤ ያኔ `lo <= hi` የሚለው ሉፕ ትክክለኛ ጓደኛው ይሆናል። ችግሩ የሚመጣው የአንዱን አጻጻፍ ሉፕ ከሌላው አጻጻፍ ወሰን ጋር ሲያዳቅሉ ነው።

የመቁረጡ ነገር ይበልጥ የሚገለጠው ጥያቄውን ገልብጠን የመጨረሻውን 50 ስንፈልግ ነው። አሁን በጣት የሚያዘው ግራው ነው። መሃሉ 50 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ `lo = mid`፣ ከበለጠ `hi = mid - 1` እንላለን፤ `hi` ከ7 ይጀምራል። ስሌቱ ወደ ታች ከቆረጠ መጀመሪያ መሃሉ 3 ነው፣ `lo` 3 ይሆናል፤ ቀጥሎ መሃሉ 5፣ 61 ነው፣ `hi` 4 ይሆናል፤ ከዚያ በ3 እና 4 መካከል መሃሉ 3 ነው፣ `lo` 3 ይሆናል፣ እዚያው ይቀራል። እዚህ `lo = mid` የግድ ስለሆነ የሚለወጠው መሃሉ ነው፦

```python
mid = (lo + hi + 1) // 2
```

አንድ መጨመሩ አቆራረጡን ወደ ላይ ያደርገዋል። አጠገብ ለአጠገብ ባሉ ወሰኖች መካከል መሃሉ ቀኙ ላይ ያርፋል፣ `lo`ም በእርግጥ ይንቀሳቀሳል። አሁን ሲሄድ `lo` 4፣ ከዚያ `hi` 5፣ ከዚያ `hi` 4፤ መልሱ 4። ስለዚህ መሃሉን የሚይዘው ወሰን ቀኙ ከሆነ ወደ ታች፣ ግራው ከሆነ ወደ ላይ ይቆረጣል። ይህን የረሳ ሰው የመጀመሪያውን የሚፈልገውን ትክክለኛ ኮድ ቀድቶ፣ ወሰኖቹን ብቻ ገልብጦ፣ መሃሉን ግን እንዳለ ትቶ የመጨረሻውን ሊፈልግበት ሲሞክር ይሽከረከርበታል።

እኔ በግሌ የምወደው ግን መቁረጡን ከናካቴው የማያሳስብ ሦስተኛ አጻጻፍ ነው። `lo` ከዝርዝሩ በፊት -1 ላይ፣ `hi` ከዝርዝሩ በኋላ 8 ላይ ይቆማሉ። ግራው ሁልጊዜ “ከ50 ያነሰ” ላይ፣ ቀኙ ሁልጊዜ “50 ወይም ከዚያ በላይ” ላይ እንዳለ ይቆጠራል፤ ሉፑ `while hi - lo > 1` ነው፣ ሁለቱም ወሰኖች ያለ ምንም መደመርና መቀነስ ወደ `mid` ይመጣሉ። በመካከላቸው ቢያንስ አንድ ባዶ ቦታ እስካለ ድረስ መሃሉ ከሁለቱም የተለየ ነው፤ ወደ የትም ቢቆረጥ አንዳቸው ይንቀሳቀሳሉ። በእኛ ዝርዝር `hi` 3፣ ከዚያ `lo` 1፣ ከዚያ `hi` 2 ይሆናል፤ 1 እና 2 አጠገብ ለአጠገብ ናቸው፣ ሉፑ ይቆማል፣ መልሱ `hi` ነው። ሁለቱ መስመሮች እንዲመሳሰሉ የፈለገው ዓይን እዚህ ምኞቱን ያገኛል፤ የከፈለው ዋጋ የሉፑን ሁኔታ መለወጥ ነው።

በዚህች አጭር ኮድ የሚሳሳቱት ጀማሪዎች ብቻ አይደሉም። አሜሪካዊው ጆን ቤንትሊ “ፕሮግራሚንግ ፐርልስ” በተባለው መጽሐፉ እንደጻፈው፣ በቤል ላብስና በአይቢኤም ላሉ ባለሙያ ፕሮግራመሮች ባይነሪ ሰርችን እንዲጽፉ ሰጥቶ ሁለት ሰዓት ያህል ከሠሩበት በኋላ 90 ከመቶ የሚሆኑት ኮዳቸውን ሲፈትሹ ስህተት አግኝተውበታል። ዶናልድ ክኑዝም ዘዴው በ1946 ለመጀመሪያ ጊዜ ቢታተምም እንከን የሌለው ኮድ እስኪታተም እስከ 1962 መቆየቱን መዝግቧል። በ2006 ደግሞ ጆሹዋ ብሎክ በጃቫ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ለዓመታት የኖረ ስህተት መገኘቱን አስታወቀ፤ ከቤንትሊ መጽሐፍ ኮድ ውስጥም ያው ስህተት ነበረበት።

ያ ስህተትም መሃሉ ላይ ነው፣ ዓይነቱ ግን ይለያል። በጃቫ ተራው ሙሉ ቁጥር ከ2,147,483,647 ማለፍ አይችልም። ዝርዝሩ ከአንድ ቢሊዮን በላይ ሲሆን `lo + hi` ከዚያ ይበልጥና ድምሩ ነጌቲቭ ሆኖ ይመለሳል፤ መሃሉም ነጌቲቭ ስለሚሆን ፕሮግራሙ የሌለ ቦታ ሊያነብ ሞክሮ ይወድቃል። መፍትሔው `lo + (hi - lo) / 2` ብሎ መጻፍ ነው። በፓይተን ሙሉ ቁጥር ወሰን ስለሌለው ይህ አያጋጥምም። እዚህ መጠንቀቅ ያለብን አንድ ነገር አለ፤ ይህን ማስተካከያ የሰማ ሰው ፕሮግራሙ ሲሽከረከርበት መሃሉን በዚህ መልክ ጽፎ እንደሚድን ያስባል። አይድንም። አዲሱም አጻጻፍ ወደ ታች ነው የሚቆርጠው፤ `lo = mid` ካለ መሽከርከሩ ይቀጥላል።

እንዲህ ያለ ፕሮግራም ሲያጋጥም መለየቱ አያስቸግርም። ፕሮሰሰሩ ወይም ከኮሮቹ አንዱ ሙሉ በሙሉ ተይዟል፣ የሚጠቀመው ሜሞሪ ግን አይጨምርም። ሉፑ ውስጥ `lo`፣ `hi` እና `mid`ን የሚያትም አንድ መስመር ቢጨመር ሦስቱ ቁጥሮች ጥቂት ዙር ከተለዋወጡ በኋላ ሳይለወጡ ስክሪኑን መሙላት ይጀምራሉ። የቆሙት ቁጥሮች ስህተቱ የትኛው እንደሆነ ራሳቸው ይናገራሉ፤ `lo` እና `hi` በአንድ ከተለያዩ ጉዳዩ የአቆራረጡና የ`lo = mid` ነው፣ እኩል ከሆኑ ጉዳዩ የሉፑ ሁኔታ ነው።

ኮዱ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት ለመያዝ ደግሞ ትልቅ ዝርዝር አያስፈልግም፤ መሽከርከሩ የሚመጣው የቀረው ክፍል ሲጠብ ነውና ትንንሾቹን ሁሉ መሞከር ይበቃል። 1፣ 2 እና 3ን ብቻ የያዙ፣ ከባዶ እስከ ስድስት ርዝመት ያላቸው የተደረደሩ ዝርዝሮች በጠቅላላው 84 ናቸው። በእያንዳንዱ ላይ ከ0 እስከ 4 ያሉትን አምስት ቁጥሮች መፈለግ 420 ፍለጋ ይሆናል፤ ኮምፒውተር ከዓይን ጥቅሻ በፊት ይጨርሰዋል። እያንዳንዱን መልስ ከዳር እየቆጠረ ከሚፈልግ ተራ ኮድ መልስ ጋር ማስተያየት፣ ሉፑም ከ100 ዙር ካለፈ እንዲያቆምና እንዲያስታውቅ ማድረግ ነው። ጊዜ የሌለው ሰው ደግሞ በሁለት ሙከራ ሁለቱን ዋና ስህተቶች ይይዛል። 38 ብቻ ባለበት ዝርዝር ውስጥ 50ን መፈለግ `lo = mid` ያለውን ኮድ ያሽከረክረዋል። 50 ብቻ ባለበት ዝርዝር ውስጥ 50ን መፈለግ ደግሞ `lo <= hi`ን ከ`hi = mid` ጋር ያዳቀለውን ያሽከረክረዋል።